ቃሉንም ጻፍ

እንጅባራ ውስጥ የእትዬ ካሳነሽን የፈረስ ማቆያ የማያውቅ ሰው ቢኖር ወይ ፈረስ የሌለው ነው፣ ወይ ገበያ የማይወጣ። ከሁለቱም ጋር ብዙ ወሬ የለኝም። በረቱ ከቤታቸው ጎን ነበር፣ ዙሪያውን በቀርከሃ የታጠረ፣ መሬቱ ድንጋይ የተነጠፈበት፣ በክረምት እንኳ ጭቃ የማይይዝ። የገበያ ቀን በአቅራቢያው ካሉት ከግምጃ ቤትም ከአዘናም የመጣ ፈረሰኛ ፈረሱን እዚያ ያስርና ኮርቻውን አስረክቦ ወደ ገበያው ይገባል። ሲመለስ ፈረሱ ሣር በልቶ፣ ውሃ ጠጥቶ፣ ኮርቻው ደርቆ ይጠብቀዋል። ውሉ ይህ ነበር። ሥራው እንደ ውሉ ቢሄድ ኖሮ እኔም የምተርከው ባልኖረኝ።

እኔ አድማሴ ልብስ ሰፊ ነኝ። የስፌት መኪናዬን የምዘረጋው ከእትዬ ካሳነሽ በረንዳ ላይ፣ ልክ ከበረቱ በር ትይዩ ነበር። በልጅነቴ የቄስ ትምህርት ገብቼ ዳዊት ደግሜያለሁና እጄ ጽሕፈት ያውቃል። እትዬ ካሳነሽ ይህን ባይደርሱበት ኖሮ በዚያ ዓመት ብዙ ሱሪ እሰፋ ነበር።

እትዬ ካሳነሽ የአገው ገበሬ ልጅ ናቸው። ባላቸው ፈረስ ነጋዴ ነበሩ። ሲሞቱ የተውላቸው አንድ ልጅና ጭቃ የሞላበት ባዶ ግቢ ብቻ ነው። ያንን ግቢ በድንጋይ ያስነጠፉት፣ ቀርከሃውን ከተራራው አስጭነው ያሳጠሩት እሳቸው ናቸው። ሲቆጡ በአገውኛ ይቆጣሉ፣ ሲታረቁ በአማርኛ ይታረቃሉ። ስለዚህ እንደኔ አገውኛ የማይሰማ ሰው ከእሳቸው ጋር ሲኖር ሁልጊዜ የታረቀ ይመስለዋል። ማንበብ አይችሉም፣ አንድ ጊዜ የተነበበላቸውን ግን ከነቦታው ያስታውሳሉ። ሳቃቸው ደግሞ ገበያው ድረስ ይሰማል።

በሃምሳ ስድስት ዓመተ ምሕረት ፈረሰኛው በዛና ብቻቸውን የሚችሉት አልሆነም። ስለዚህ የበረቱን ጥበቃና ጽዳት ለሽባባው በውል ሰጡት። ሽባባው ሁለት የወንድሙን ልጆች ይዞ ይመጣል፣ አንዱ በሩን ይጠብቃል፣ ሌሎቹ ሣርና ውሃ ያቀርባሉ፣ ማታ በረቱን ጠርገው ይሄዳሉ። ውሉ የአንድ ዓመት ሲሆን ውልና ማመልከቻ ለሰው የሚጽፈው የከተማው ራፖር ጸሐፊ ጻፈው፣ ሁለቱም በጣታቸው ፈረሙ። ሽባባው የእትዬ ካሳነሽ ልጅ የደሴ የክርስትና አባት ነው። አበልጅ ናቸው። እኔ ከዚያች ቀን ጀምሮ ነገሩ አላማረኝም ነበር። ያልወደድሁትን ሰው የማባረር ችኩልነት ስላለብኝ ግን ማንም አልሰማኝም።

ሽባባውን ክፉ ሰው ነው የሚል እንዳይኖር። ሰውየው ሌባ አይደለም፣ ሰካራም አይደለም፣ ውሸትም አይሆንለትም። ጉዱ አንድ ነው፣ ያልተገራ ፈረስ ሲያይ ልቡ ከደረቱ ይወጣል። ከብዙ ፈረስ መካከል ጆሮውን ቀስሮ የቆመ ወጣት ፈረስ ካየ በሩንም፣ ውሉንም፣ እኛንም ይረሳል። «እስቲ እግሩን ልየው» ይላል። ትንሽ ቆይቶ ከሜዳው ማዶ አቧራ ይነሣል፣ እሱ ነው። በሩ ባዶውን ተከፍቶ ይቀራል። የወንድሙ ልጆች ደግሞ አጎታቸው ሲጋልብ ለማየት አጥር ላይ ይንጠለጠላሉ።

የመጀመሪያው አቤቱታ የመጣው ዝናብ ባልታሰበበት ቀን ነው። ኮርቻዎቹ ከደጅ ተደርድረው ሳለ ዶፍ ወረደ። የሚያነሣ ዘበኛ የለም። ሽባባው አንድ ቦራ ፈረስ ይዞ ሜዳ ላይ ነበር። የአንድ ሽማግሌ አዲስ ግላስ፣ የኮርቻው ጌጥ ልብስ፣ ከነጥልፉ በጭቃ ውሃ ተነከረ። ሽማግሌው ግላሳቸውን እንደ ሕፃን አቅፈው በረንዳው ላይ ቆሙና እትዬ ካሳነሽን ተጣሩ።

«ዛሬውኑ ያባርሩት» አልሁ እኔ፣ ሳልጠየቅ።

እትዬ ካሳነሽ ዞረው አዩኝ። «በምን ነው አበልጄን የማባርራቸው? አንተ ስለተናደድህ? ወረቀትህን አምጣና ጻፍ።»

ያን ጊዜ ነው ሥራዬ የተበላሸው። እትዬ ካሳነሽ ሽማግሌውን አስቀመጡ፣ ሽባባውን አስጠሩ፣ ሁለት ሰው ለምስክር ጠሩ። ከዚያ አቤት ባዩ ማን እንደሆነ፣ ምን እንደደረሰበት፣ በማን ፊት እንደሆነ አስጻፉኝ። የሽባባውንም መልስ በራሱ አፍ አስነግረው አስጻፉ። ጨረስሁ ብዬ ብዕሬን ሳስቀምጥ «ቃሉንም ጻፍ» አሉኝ።

«የምን ቃል?»

«ከእንግዲህ የሚያደርጉትን ነዋ። አበልጅ፣ ይንገሩት።»

ሽባባው አንገቱን እያከከ፣ ደመና ሲያይ ኮርቻ ሁሉ ጣራ ሥር እንደሚያስገባና በሩን ያለሰው እንደማይተው ተናገረ። ጻፍሁ። አነበብሁለት። ጣቱን ቀለም አስነክቶ ፈረመ። እትዬ ካሳነሽ ግላሱን አሳጥበው ለሽማግሌው መለሱ። ከዚያ አለቃ ምህረቴ፣ የደብሩ አለቃና የሰፈሩ አስታራቂ፣ መጥተው ሁለቱን አበልጆች አስታረቁ። ትከሻ ለትከሻ ተሳሳሙ። ይቅርታ ተባባሉ፣ አብረን ራት በላን። ወረቀቱ ግን ሳጥን ውስጥ ገባ።

ሁለተኛውን አቤቱታ ያመጣው ልጓሜ ጠፋ የሚል ፈረሰኛ ነው። እኔ ደስ ብሎኝ ወረቀቱን አስቀድሜ ዘረጋሁ። እትዬ ካሳነሽ ግን ጠየቁ፣ አስጠየቁ፣ ሰው ላኩ። በመጨረሻ ሰውየው ልጓሙን ለሚስቱ ወንድም አውሶ ረስቶት ተገኘ። እኔ ወረቀቴን ማጠፍ ስጀምር እጄን ያዙኝ።

«ምን ታጥፋለህ? ጻፍ።»

«ምን ልጻፍ? ጥፋት የለም እኮ።»

«እሱኑ ጻፍ። ሽባባው ጥፋት እንዳልተገኘባቸው ጻፍ። ልጓሙ ጠፋ በተባለበት ቀን በሩ ላይ ቆመው እንደነበር ጻፍ። የሚያስከፋው ብቻ የሚጻፍ ከሆነ የጠላት ጽሕፈት ነው።»

ይህ ወረቀት በሚጻፍበት ሰዓት ግን ሽባባው ሣር ሊያመጣ ሄዶ ስለነበር አልሰማውም። እኔም ደስ ሳይለኝ ጽፌ ምስክር አስፈርሜ ከፊተኛው ጋር ጨመርሁት።

ሦስተኛውን ያየ ሰው እስከ ዛሬ ሲያወራው ይስቃል። አንድ ሴት ፈረስ ከወንዶቹ መካከል ታሰረች። የሚለይ፣ የሚያይ ዘበኛ ጠፋ፣ ሽባባው አንድ ሻሽ እግር ፈረስ ይዞ ሄዷል። ወንዶቹ ፈረሶች አጥሩን ገንድሰው ወጡ። መጀመሪያ የሸክላ ተራውን፣ ቀጥሎ የሽንኩርት ተራውን አቋርጠው አለፉ። ማንም አልተጎዳም፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ሸክላ ሻጮቹ ግን ጀበናቸውንም ድስታቸውንም ሁሉንም አጥተው መጡ። እትዬ ካሳነሽ ጉዳቱን ከፍለው፣ ሸክላ ሻጮቹን ይቅርታ ጠይቀው፣ በአገውኛ ተቆጥተው ሲያበቁ ወደ እኔ መጡ። ጻፍሁ። ሽባባው ቃሉን ሰጠ። ፈረመ። አለቃ ምህረቴ አስታረቁ። እንደገና ተሳሳሙ፣ እንደገና በላን። መቼም በዚያ ዓመት በእርቅ ምክንያት ወፍሬአለሁ።

በማግስቱ እትዬ ካሳነሽ ራፖር ጸሐፊው ዘንድ ይዘውኝ ሄዱ። ውሉ ከነወረቀቶቹ ተነበበ። ራፖር ጸሐፊው መነጽሩን አውልቆ፣ «በአዲሱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ውል የሚያፈርስ ሰው አስቀድሞ ያስጠነቅቃል፣ ለማረሚያም ጊዜ ይሰጣል። ዝም ብለው ቢያባርሩት ጥፋተኛዋ እርስዎ ይሆናሉ» አለ። እትዬ ካሳነሽ ወደ እኔ ዞር ብለው ፈገግ አሉ። እኔ ውጭ ውጭ አየሁ።

ማስጠንቀቂያው አጭር ነበር። በሩ ላይ ሁልጊዜ ሰው ይኑር፣ ምልክት ሳይገጥም ፈረስ ለማንም አይሰጥ፣ የደንበኛ ፈረስ ማንም አይጋልብ፣ ይህ እስከ መስቀል ካልተስተካከለ ወይም ከተስተካከለ በኋላ ዳግመኛ ከፈረሰ ውሉ ይቋረጣል ይላል። በሁለት ቅጅ ተጽፎ ሽባባው እንደሚፈጽመው በራሱ አፍ ቃል ሰጥቶ ፈረመበት፣ አንዱም ለእሱ ተሰጠ። ምልክት የተባለው የቀርከሃ ቁራጭ ነው። አንዱን ቀርከሃ ለሁለት ይሰነጥቁትና ግማሹን ከፈረሱ አንገት ያስሩታል፣ ግማሹን ፈረሰኛው ይይዛል። ሲመለስ ሁለቱ ካልገጠሙ ፈረሱ አይወጣም። ይህ የእትዬ ካሳነሽ ባል ዘዴ ነበር።

ሽባባው ማስጠንቀቂያውን ሰምቶ ተደናገጠ። ከልቡም ተስተካከለ። በሩ ላይ ተተክሎ ዋለ። ወጣት ፈረስ ሲገባ ፊቱን ወደ አጥሩ ያዞራል። እኔ ራሴ አዘንሁለት። መስቀል አለፈ፣ እትዬ ካሳነሽ ደስ ብሏቸው «አየህ አይደለም?» ይሉኝ ጀመር። የደሴ ሠርግ ለጥር ተቆርጦ ነበርና የክርስትና አባቱ ከሙሽራው ጎን በፈረስ ሲሄድ ከአሁኑ ይታያቸዋል። የሠርጉ ነገር ሲነሣ እትዬ ካሳነሽ መጀመሪያ የሚያነሡት ሽባባውን ነው። ሙሽራዋን እንኳ ከእሱ ቀጥለው ነው የሚያነሡት።

ከዚያ አንድ ጉራቻ ፈረስ መጣ።

መልኩን ልናገረው አልችልም እንጂ እኔም የምሰፋውን ሱሪ ትቼ ነው ያየሁት። ከቆላ የመጣ ነጋዴ ይዞት ገብቶ ነበር፣ ከል የመሰለ ጥቁር፣ ገና ኮርቻ ያልለመደ፣ መሬቱን የሚረግጠው የሚያቃጥለው ይመስል። ሽባባው ፊቱን ወደ አጥሩ አዞረ። ትንሽ ቆይቶ ግማሽ ፊቱን መለሰ። ከዚያ በኋላ ያለውን ሁሉም ያውቀዋል።

ሲመሽ ጉም ወረደ። የአዘናው ቢሻው፣ ዘወትር ፈረሱ ላይ ተኝቶ አገሩ የሚገባ ሰው፣ በርኖሱን ተከናንቦ ቀዩን ዳማ ፈረሱን ሊወስድ መጣ። በሩ ላይ አንደኛው የወንድም ልጅ ብቻውን ነበር፣ ሌላው አጎቱን ሊጠራ ሜዳ ወርዷል። ልጁ ቀርከሃውን ሳያገጥም አንድ ዳማ ፈትቶ ሰጠው። ያ ዳማ ግን ውዱ የሚባል የግምጃ ቤት ሰው ፈረስ ነበር። ቢሻው ወጥቶ ተቀመጠ፣ እንቅልፉን ጀመረ። ፈረሱ መንገዱን ያውቃል፣ ነገር ግን የሚያውቀው የራሱን አገር መንገድ ነው። ወስዶ ወስዶ ግምጃ ቤት፣ ከውዱ ደጃፍ ላይ ቆመ።

የውዱ ሚስት ስሜነሽ ኮቴውን ሰምታ ውሃ ይዛ ወጣች። ሰውየው በእንቅልፍ ልቡ ወርዶ፣ በርኖሱን ሳይገልጥ ከመደቡ ላይ ተቀመጠና እግሩን ሰጣት። ማጠብ ጀመረች። ትንሽ አሸች፣ ቆመች፣ እንደገና አሸች።

«ኧረ ይህ እግር የባሌ አይደለም» አለች።

ቢሻው ነቅቶ በርኖሱን ገለጠ። «ይህ ቤትም የኔ አይደለም» አለ።

ውዱ ከእንጅባራ በእግሩ እየተሳደበ ሲደርስ ቢሻው ራት ቀርቦለት፣ ስሜነሽ እስክታነባ ስትስቅ አገኛቸው። ለመጣላት ሞክሮ ነበር፣ አልቻለም። ሁለቱ ሰዎች ከዚያ ወዲህ ወዳጆች ናቸው። በማግስቱ ጠዋት ግን አንድ ላይ በረንዳዬ ላይ ቆመው «አቤት» አሉ።

እትዬ ካሳነሽ ሲሰሙ ሳቁ፣ ሳቁ፣ ከዚያ ሳቃቸው ድንገት ቆመ። ቁጭ አሉ። «ጻፍ፣ አድማሴ» አሉኝ፣ ድምፃቸው ግን እንደ ወትሮው አልነበረም። ለመጀመሪያ ጊዜ መጻፉን ጠላሁት።

የማቋረጫው ወረቀት ሲጻፍ ያለፉት አቤቱታዎች ከነቀናቸው ተጠቀሱ፣ ማስጠንቀቂያው ተጠቀሰ፣ የኋለኛው ጥፋት ተገለጸ። ሽባባው እስከ ወሩ መጨረሻ እንዲሠራ፣ የሠራበትም እንዲከፈለው፣ ከዚያ ቁልፉንና የቀርከሃ ምልክቶቹን እንዲያስረክብ ተጻፈ። እትዬ ካሳነሽ ወረቀቱን በሰው አልላኩም። ራሳቸው በእጃቸው ሰጡት።

ሽባባው ወረቀቱን አስነብቦኝ ሰማ። «አበልጅ፣ ታርቀን አልነበረም?» አለ።

«ታርቀናል።»

«የታረቀ ነገር ይነሣል?»

እትዬ ካሳነሽ ወደ ቤት ገብተው በሩን ዘጉ፣ እኔም መኪናዬን እየረገጥሁ ልቅሷቸውን እንዳልሰማሁ ሆንሁ።

ሽባባው ለአጥቢያ ዳኛው ለግራዝማች ስማቸው አቤት አለ። ችሎቱ በግቢያቸው፣ ከዋርካው ሥር ነበር። ገበያተኛው ሁሉ ተሰብስቦ መጣ፣ የፈረስ ነገር ነዋ። ሽባባው ቆሞ የተናገረው አጭር ነው። «አጥፍቼ ነበር፣ አላጠፋሁም አልልም። ነገር ግን ሁለት ጊዜ በአለቃ ምህረቴ እጅ ታርቀናል። ይቅር የተባለ ጥፋት ወረቀት ላይ ቁጭ ብሎ ይጠብቀኛል ብዬ አላሰብሁም። አሁን ያጠፋሁት አንድ ጥፋት ነው። በአንድ ጥፋት የዓመት ውል ይፈርሳል?»

ሕዝቡ አጉረመረመ፣ ለእሱ ነበር ያጉረመረመው። አለቃ ምህረቴ ብድግ አሉ። «ዳኛ፣ እኔ ያስታረቅሁት እርቅ በወረቀት ከተመነዘረ ከእንግዲህ ማን ይታረቅልኛል?» አሉ፣ እትዬ ካሳነሽን በቁጣ እያዩ። እኔ ከእትዬ ካሳነሽ ኋላ ቆሜ ወረቀቶቼን ጋቢዬ ሥር ሸሸግሁ። አለቃ ምህረቴ የተናገሩት እውነት ነበር፣ እዚህ አገር የታረቀ ነገር የሚያነሣ ሰው አይወደድም።

ግራዝማች ስማቸው ወደ እትዬ ካሳነሽ ዞሩ። «ምን ይላሉ?»

እትዬ ካሳነሽ ነጠላቸውን አስተካክለው ቆሙ። «እውነታቸውን ነው። በደሉን ይቅር ብያለሁ፣ አላነሣውም። አድማሴ፣ በደሉን አታንብብ።»

እኔም ግራ ገባኝ።

«ከወረቀቱ ሥር ያለውን ቃላቸውን ብቻ አንብብ» አሉ። «እኔ ይቅር ያልሁት ያለፈውን ነው። ለወደፊት የሰጡኝን ቃል ግን ይቅር አላልሁም፣ ይቅር እንድልም ማንም አልጠየቀኝም። ይቅርታው የተደረገው በዚያ ቃል ነው።»

አነበብሁ። በሩን ያለሰው አልተውም የሚለውን አነበብሁ። ሴት ፈረስ ከወንድ ጋር አላስርም የሚለውን አነበብሁ። ማስጠንቀቂያውን፣ ቀርከሃ ሳላገጥም ፈረስ አልሰጥም፣ የደንበኛ ፈረስ አልጋልብም የሚለውን አነበብሁ። እያንዳንዱ የሽባባው የራሱ አፍ ነበር፣ ከሥሩም የራሱ ጣት። አለቃ ምህረቴ ቀስ ብለው ተቀመጡ።

ግራዝማች ስማቸው እጃቸውን ዘርግተው ወረቀቶቹን ተቀበሉኝ። አንድ በአንድ አዩ። አንዱ ላይ ቆሙ። «ይህ ደግሞ ምንድን ነው? ይህ ቃል የለበትም።»

«ጥፋት ያልተገኘባቸው ቀን የተጻፈ ነው» አሉ እትዬ ካሳነሽ።

ዳኛው ራሳቸው ጮክ ብለው አነበቡት። ልጓም ጠፋ ተብሎ በሽባባው ላይ አቤቱታ ቀረበ፣ ተጣርቶ ሐሰት ሆኖ ተገኘ፣ ሽባባው በዚያ ቀን በሩ ላይ በታማኝነት ቆሞ ነበር፣ ማንም ይህን ነገር በእሱ ላይ እንዳያነሣ የበረቱ ባለቤት ካሳነሽ አስጽፋለች። ሽባባው ያን ወረቀት ሰምቶት አያውቅም። አንገቱን ደፋ።

ግራዝማች ስማቸው ወረቀቶቹን አስተካክለው ጉልበታቸው ላይ አኖሩ። «የሚጠቅመውን የጻፈ እጅ የሚጎዳውንም ሲጽፍ አምነዋለሁ» አሉ። «እርቁ እርቅ ነው፣ ማንም አያፈርሰውም። ቃሉም ቃል ነው። ተነግሮት፣ ጊዜ ተሰጥቶት፣ አላከበረውም። ውሉ በወሩ መጨረሻ ይቋረጣል።» ከዚያ ፊታቸው ፈታ አለ። «ሽባባው፣ ከዚህ ሁሉ ወረቀት አንድ ነገር ገባኝ። በሩ ላይ ባልነበርህ ጊዜ ሁሉ ፈረስ ላይ ነበርህ። አንተን በር ላይ ያቆመ ሰው ነው መከሰስ ያለበት።»

ሕዝቡ ሳቀ። እትዬ ካሳነሽም ሊስቁ ሽባባውን ፈለጉት። እሱ ግን ማንንም ሳያይ ከግቢው ወጣ።

ወሩ ሲያልቅ የወንድሙ ልጆች መጥተው ቁልፉንና ምልክቶቹን አስረከቡ። ተቆጥሮ ተረከብን፣ የሠሩበትም እስከ መጨረሻዋ ቀን ተከፈለ። ሽባባው አልመጣም። በምትኩ ሀብቱ የሚባል፣ ፈረስ የሚፈራ ሰው በዘበኝነት ገባ። ፈረስ የሚፈራ ዘበኛ ከበሩ የትም አይሄድምና በረቱ እንደ ሰዓት ይሠራ ጀመር። ደንበኛው ተመለሰ፣ ከፊተኛው በዛ። እትዬ ካሳነሽ ግን ደስ አላላቸውም። ሳቃቸው ገበያው ድረስ መሰማቱ ቀረ። ሽባባው ሜዳው ዳር የሰው ፈረስ እየገራ እንደሆነ፣ ነጋዴው እንዲገራው የተወለት ያ ጉራቻ ፈረስም በእጁ እንደለዘበ ሰው ሲያወራ ጆሮአቸውን ይሰጣሉ። የሠርጉ ቀን እየቀረበ ሄደ። የክርስትና አባት የሌለበት ሠርግ ሊሠርጉ ነው። አንድ ቀን ከአጠገቤ ተቀምጠው «ለበረቱ ስል ልጄን አባት አሳጣሁት?» አሉኝ። መኪናዬን አጥብቄ ረግጬ መርፌ ሰበርሁ።

ከሠርጉ በፊት ባለው የገበያ ቀን፣ ሰው እየተመለሰ ሳለ፣ ከበረቱ ጩኸት ሰማሁ። ቀና ስል ሽባባው ነው። ያን ጉራቻ ፈረስ በልጓሙ ይዞ፣ ሀብቱን ከፊቱ አቁሞ ይቆጣል። ለካ ጠዋት እኔ ሳላየው ፈረሱን እንደማንኛውም ደንበኛ አስሮ ገበያ ገብቶ ኖሯል። ሀብቱ ፈረሱን ፈርቶ ውሃ አላጠጣውም።

ሽባባው ፈረሱን እየሳበ በረንዳዬ ሥር መጥቶ ቆመ። «አድማሴ» አለኝ፣ «ወረቀትህን አምጣ። አቤቱታ አለኝ።»

እትዬ ካሳነሽ ድምፁን ሰምተው ወጡ። ደጃፉ ላይ ቆመው ቀሩ። ለረጅም ጊዜ ያላየሁት ነገር በፊታቸው ላይ አየሁ። ለመሳቅም ለማልቀስም ያልተዘጋጀ ሰው ፊት ነበር።

«ጻፍ» አለ ሽባባው፣ እኔን እያየ፣ እሳቸውን ሳያይ። «አቤት ባይ ሽባባው። ፈረሱ ውሎ ውሃ አላገኘም።»

ጻፍሁ።

«መልስ» አሉ እትዬ ካሳነሽ፣ ድምፃቸው እየተቆራረጠ። «ጥፋቱ የበረቱ ነው። የኔ ነው። ጻፍ።»

ጻፍሁ። ብዕሬን ሳስቀምጥ ሽባባው እጁን አነሣ። «ቃሉንም ጻፍ እንጂ።»

«የምን ቃል ይፈልጋሉ፣ አበልጅ?» አሉ እትዬ ካሳነሽ።

ያን ጊዜ ቀና ብሎ አያቸው። የፈረሱን አንገት እየደባበሰ፣ «ልጄ ደሴ ሙሽራ ሲሆን የሚቀመጠው በዚህ ጉራቻ ላይ ነው» አለ። «ለሱ ብዬ ነው የገራሁት። ከጎኑ የምሄደውም እኔ ነኝ። ይህን ቃል ይስጡኝና አቤቱታዬን እተዋለሁ።»

እትዬ ካሳነሽ ወደ እኔ መጡና አውራ ጣታቸውን ቀለሙ ውስጥ ነከሩ። እኔ ገና ቃሉን አልጻፍሁትም ነበር። ከወረቀቱ ባዶ ቦታ ሥር ጣታቸውን አጥብቀው አተሙና፣ «እንግዲህ እሳቸው ያሉትን ሁሉ ከላይ ጻፍላቸው» አሉኝ።